መርማሪው መጀመሪያ የሚያነበው ገጽ

ባለ አንድ ፎቅ ቤት እንውሰድ። ከታች ሱቅ አለ፤ በመንገድ በኩል ያለው ክፍተት 4.80 ሜትር ነው። ከላዩ 20 በ50 ሳንቲሜትር የሆነ ቢም በሁለት ኮለኖች ላይ አርፎ የፎቁን ሶሌታና የብሎኬት ግድግዳ ይሸከማል። የዚህ ቢም ስሌት ሁለት ገጽ ቢሆን ነው። የማባዛት ስህተት ካለበት መርማሪው ወዲያው ይይዘዋል። ሳይጻፍ የቀረ ታሳቢ ግን አይታየውም፤ ለዚህም ነው ልምድ ያለው መርማሪ ከውጤቱ በፊት የታሳቢዎቹን ገጽ የሚገልጠው።

እዚያ ላይ መጀመሪያ የሚፈልገው ርዝመቱን ነው። በስሌቱ የተወሰደው 5 ሜትር ነው፤ ምክንያቱም ቢሙ ኮለኖቹ ላይ የሚያርፍበት 10፣ 10 ሳንቲሜትር ተጨምሯል። ርዝመቱ በስሌቱ ውስጥ በራሱ ስለሚባዛ፣ በ4.80 ቢሰላ ውጤቱ 8 በመቶ ያህል ያንስ ነበር። ቀጥሎ፣ ጫፎቹ ከኮለኑ ጋር ሳይቆለፉ እንዲሁ እንዳረፉ መቆጠሩ ይጻፋል። ይህ ለቢሙ መሃል ጥንቃቄ ነው፤ በተግባር ግን ጫፎቹ በመጠኑ ስለሚያዙ ከላይ በኩል እንዳይሰነጠቁ ጥቂት ፌሮ ይፈልጋሉ።

ኮዱም በስም ከነዓመቱ ይጠቀሳል። ኢቢሲኤስ 2 የሚባለው የ1995 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ኮድ ቋሚውን ጭነት በ1.3፣ ተንቀሳቃሹን በ1.6 ያባዛል። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው ኢኤስ ኢኤን 1992 የሚሠራው በ1.35 እና በ1.5 ነው። የከፋው ነገር ከሁለቱም ትንሹን እየመረጡ ማደባለቅ ነው። ሳይት ላይ «ሲ-25» የሚባለው ኮንክሪትም በኪዩብ ሲፈተን 25 ሜጋፓስካል የሚችለው ነው፤ አዲሱ ኮድ በቀመሩ የሚያስገባው ግን የሲሊንደሩን 20 ነው። በዚህ ቢም ላይ 25 ቢገባ የፌሮው ልዩነት ትንሽ ነው፤ ኮለን ላይ ግን ቀላል አይሆንም።

አሁን ወደ ጭነቱ። አንድ ኪሎ ኒውተን 100 ኪሎ ግራም ያህል ክብደት ነው። ቢሙ ራሱ በየሜትሩ 2.5 ኪሎ ኒውተን ይመዝናል። 15 ሳንቲሜትር ውፍረት ካለው ሶሌታ የ2 ሜትር ስፋቱ ቢሙ ላይ ያርፋል፤ ይህ 7.5 ነው፣ ንጣፍና ልስኑ ደግሞ 3። ግድግዳው 2.5 ሜትር ከፍታ ኖሮት፣ ተለስኖ 8 ይሆናል። ድምሩ 21 ነው። ለሰውና ለዕቃ በካሬ ሜትር 2 ተይዞ 4 ይመጣል። በኮዱ ሲባዛ 1.35 × 21 + 1.5 × 4 = 34.35። ግድግዳው ከቋሚው ጭነት ሲሶ በላይ መሆኑን ልብ ይበሉ። አርክቴክቱ ግድግዳውን ቢያነሣው ወይም ሌላ ቢጨምር፣ ለብቻው የተጻፈች መስመር ስላለች ለውጡ ወዲያው ይታያል። «ቋሚ ጭነት 21» ተብሎ ብቻ ቢጻፍ ኖሮ ማንም አያገኘውም።

የማጉበጥ ኃይሉ 34.35 × 5² ÷ 8 = 107 ኪሎ ኒውተን ሜትር ነው። መርማሪው የፌሮውን ስሌት መስመር በመስመር አይከተልም፤ በራሱ አቋራጭ ይደርስበታል። ከላይ በሚጨመቀው ኮንክሪትና ከታች ባለው ፌሮ መካከል 0.40 ሜትር ያህል አለ፤ 107 ለዚያ ሲካፈል 268 ኪሎ ኒውተን መሳብ ይሆናል። 400 ሜጋፓስካል የሆነው ፌሮ፣ የጥንቃቄው ተቀንሶ፣ በካሬ ሚሊሜትር 348 ኒውተን ይይዛል፤ ስለዚህ 770 ካሬ ሚሊሜትር ያስፈልጋል። ሰነዱ 781 ይላል። ተስማሙ።

ባለ 16 ሚሊሜትር አራት ፌሮ 804 ስለሚሆን በቁጥር ይበቃል። መሐንዲሱ ግን ባለ 20 ሦስት መርጧል፤ 942። ለምን እንደሆነ በአንድ መስመር አስፍሯል፦ ከ20 ሳንቲሜትሩ ስፋት ሽፋኑና ስታፋው ሲቀነሱ በአራቱ ፌሮዎች መካከል የሚቀረው 23 ሚሊሜትር ነው። ጠጠሩ እስከ 20 ስለሚደርስ ኮዱ ቢያንስ 25 ይጠይቃል። ያ መስመር ባይኖር ሳይት ላይ «ባለ 20 ጠፋ፣ በ16 እንተካው» ሲባል የሚከለክል ነገር አይኖርም፤ ቢሙ ሲፈታም ከታች ጠጠር ያላለፈበት ባዶ ቦታ ይገኛል። ስታፋው ባለ 8 በየ20 ሳንቲሜትር ነው፤ ብዙ አያነጋግርም።

ከዓመታት በኋላ ባለቤቱ 2,000 ሊትር ሮቶ ፎቁ ላይ፣ ልክ ከቢሙ መሃል በላይ ላስቀምጥ ቢል መልሱ ከዚሁ ሰነድ ይወጣል። በተገጠመው ፌሮ ቢሙ የሚችለው 125 ያህል ነው፤ የተያዘበት 107፤ የተረፈው 18። ሙሉ ሮቶ 20 ኪሎ ኒውተን ነው፤ በ1.5 ተባዝቶ መሃል ላይ ሲያርፍ 37.5 ይጨምራል። ስለዚህ ወደ ኮለኑ ይጠጋል፤ ምን ያህል እንደሚጠጋም ለብቻው ይሰላል።