ሳይነካ የተለካ አስኳል

በትምህርት ቤት መጽሐፍ ላይ የወርቁ ፎይል ሙከራ ብዙውን ጊዜ በአንድ ሥዕል ያልቃል፦ ከግራ የሚመጡ ቀስቶች፣ መሐል ላይ የቆመ ቢጫ መስመር፣ ከቀስቶቹም አንዷ ወደ ኋላ ስትታጠፍ። ከሥሩ አቶም መሐሉ ላይ ትንሽ አስኳል ወይም ኒውክለስ እንዳለው ይጻፋል። ነቃ ያለ ተማሪ ግን እዚህ ላይ ዝም አይልም። ቅንጣቷ መመለሷን አየን እንበል፤ የመለሳት ነገር ትንሽ መሆኑ በምን ታወቀ? ትንሽ ሲባልስ ምን ያህል ነው? መልሱ በአንድ መስመር ስሌት የሚገኝ ነው። ስሌቱ የሚነግረንና የማይነግረን ግን ሁልጊዜ በወጉ ተለይቶ አይነገርም።

ነገሩ የተጀመረው እንግሊዝ ውስጥ፣ ማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ነው። ኧርነስት ረዘርፎርድ ወደዚያ የመጣው በ1907 ነበር (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የአልፋ ቅንጣት ከአንዳንድ ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገሮች እየተተኮሰች የምትወጣ፣ ሁለት ፖዘቲቭ ቻርጅ የተሸከመች፣ ከኤሌክትሮን ወደ 7,300 ጊዜ የምትከብድ ቅንጣት ናት፤ ሁለቱን ኤሌክትሮኖቹን ያጣ የሂሊየም አቶም ማለት ነው። ከራዲየም ዘሮች የሚወጡት ፈጣኖቹ በሴኮንድ ወደ 20,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛሉ። የረዘርፎርድ ረዳት ሃንስ ጋይገርና የ20 ዓመቱ ተማሪ ኧርነስት ማርስደን እነዚህን ቅንጣቶች በስስ ብረቶች ላይ እየለቀቁ አቅጣጫቸውን ምን ያህል እንደሚቀይሩ ይለኩ ነበር።

አለካኩ ዓይን የሚያደክም ነበር። የአልፋ ቅንጣት ዚንክ ሰልፋይድ በተቀባ ሰሌዳ ላይ ስታርፍ ደብዛዛ ብልጭታ ትፈጥራለች። ቆጣሪው ጨለማ ክፍል ውስጥ ገብቶ ዓይኑ ጨለማውን እስኪለምድ ይጠብቅና በማይክሮስኮፕ እያየ ብልጭታዎቹን አንድ በአንድ ይቆጥራል። ብልጭታው በደቂቃ ከ90 ገደማ ካለፈ ዓይን መከተል ያቅተዋል፤ በጣም ሲያንስ ደግሞ ሰሌዳው ራሱ አልፎ አልፎ ከሚያሳየው ብልጭታ መለየት ይቸግራል። ሁለቱ ሰዎች በኋላ ለሠሩት ዋና ሙከራ ከ100,000 በላይ ብልጭታ ቆጥረዋል።

በ1909 ያወጡት ውጤት ማንም ያልጠበቀው ነበር። ፕላቲኒየም ላይ ካረፉት ቅንጣቶች ከ8,000 አንዷ ገደማ ከብረቱ ተመልሳ በመጣችበት በኩል ትወጣለች። አንድ ሚሊ ሜትር ለአንድ ሺህ ቢከፋፈል እንኳ ውፍረቱ ግማሽ ክፍል በማይሞላ የወርቅ ፎይል፣ ማለትም 0.0004 ሚሊ ሜትር ብቻ በሆነ፣ ረዘርፎርድ የጠቀሰው ቁጥር ከ20,000 አንድ ያህል ነው። ቁጥሩ ማነሱ ሊያታልለን አይገባም። የሚያስደንቀው ዜሮ አለመሆኑ ነው።

ለምን ዜሮ መሆን እንደነበረበት በቁጥር ማየት ይቻላል። በጊዜው ተቀባይነት የነበረው የጄ ጄ ቶምሰን ሐሳብ የአቶሙ ፖዘቲቭ ቻርጅ በአቶሙ ሙሉ ስፋት ተሰራጭቷል የሚል ነበር። ፖዘቲቭና ፖዘቲቭ ስለሚገፋፉ፣ ወደ አቶሙ የምትቀርብ አልፋ ዳገት እንደሚወጣ ኳስ ናት፤ እየቀረበች ስትሄድ ፍጥነቷን እየከፈለች እምቅ ጉልበት ታጠራቅማለች። የወርቅ አቶም 79 ፖዘቲቭ ቻርጅ አለው። ይህ ሁሉ በአቶሙ ስፋት ቢበተን፣ የዳገቱ ጫፍ፣ የአቶሙ መሐል ላይ፣ ወደ 2,400 ኤሌክትሮን ቮልት ብቻ ይሆናል። አልፋዋ ይዛ የምትመጣው ጉልበት ግን 7.7 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ነው። እንዲህ ያለ ዳገት ሊያቆማት ቀርቶ በቅጡ አያዘገያትም። ኤሌክትሮኖቹም ቢሆኑ ከእሷ ጋር ሲነጻጸሩ እጅግ ቀላል ስለሆኑ መንገዷን አያስቀይሯትም።

የቀረው መከራከሪያ ፎይሉ ብዙ አቶሞች ስለተደራረቡበት ጥቃቅን ግፊቶች ተደምረው ይሆናል የሚለው ነው። ፎይሉ ውስጥ በእርግጥ ከአንድ ሺህ በላይ የአቶም ንብርብር አለ። ነገር ግን ግፊቶቹ አንዱ ወደ ቀኝ፣ ሌላው ወደ ግራ እየሆኑ እርስ በርስ ስለሚጣፉ፣ በዚያ ፎይል አብዛኞቹ ቅንጣቶች የሚታጠፉት አንድ ዲግሪ በማይሞላ ማዕዘን ነበር። ከዚህ ተነሥቶ በድንገተኛ ድምር 90 ዲግሪ ለመድረስ ያለው ዕድል ከምንም የሚቆጠር አይደለም። የፎይሉ ውፍረት ሲጨምርም በሰፊ ማዕዘን የሚበተኑት ቁጥር በዚያው ልክ ይጨምራል፤ ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ቁጥሩም እጥፍ ይሆናል። ይህ የሚሆነው እያንዳንዷ ቅንጣት የታጠፈችው በአንድ ግጭት፣ በአንድ አቶም ሲሆን ነው።

እንግዲህ አንድ አቶም ብቻውን 7.7 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት የሚያህል ዳገት ማቆም አለበት። የቻርጁ መጠን ያው ከሆነ ዳገቱን ከፍ ለማድረግ ያለው መንገድ አንድ ነው፤ ቻርጁን ጠባብ ቦታ ላይ ማጨቅ። ስፋቱ በግማሽ ሲጠብ ጫፉ እጥፍ ይሆናል። ከ2,400 ተነሥቶ 7.7 ሚሊዮን ለመድረስ ስፋቱ ከሦስት ሺህ ጊዜ በላይ መጥበብ ይኖርበታል። የመለሳት ነገር ትንሽ መሆኑ የታወቀው እንዲህ ነው። ከባድም መሆን አለበት፤ ከአልፋዋ ቢቀል ኖሮ ራሱ ወደ ፊት ይፈናጠር እንጂ እሷን ወደ ኋላ አይመልሳትም ነበር።

አሁን ርቀቱን እናስላ። ቅንጣቷ በቀጥታ ወደ አስኳሉ ስትሄድ አንድ ቦታ ላይ ለቅጽበት ትቆማለች፤ ከዚያ ተገፍታ ትመለሳለች። በምትቆምበት ቦታ የእንቅስቃሴ ጉልበቷ አልቆ ሁሉም ወደ እምቅ ጉልበት ተለውጧል። ሁለቱን እኩል ማድረግ ብቻ ነው ሥራው። ሁለት ነጠላ ቻርጆች በአንድ ፌምቶ ሜትር ርቀት ላይ ሲሆኑ እምቅ ጉልበታቸው 1.44 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ነው (ፌምቶ ሜትር የአንድ ሚሊ ሜትር ትሪሊዮንኛ ነው)። የአልፋዋ ቻርጅ 2፣ የወርቁ 79 ስለሆነ፣ ርቀቱን d ብንለው፦

d = (2 × 79 × 1.44) ÷ 7.7 ≈ 29.5

ወደ 30 ፌምቶ ሜትር። የወርቅ አቶም ከመሐል እስከ ዳር 144,000 ፌምቶ ሜትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ አልፋዋ የአቶሙን አምስት ሺህኛ እስክትቀር ድረስ ዘልቃለች ማለት ነው። ረዘርፎርድ በ1911 ባሳተመው ጽሑፍ ያገኘው 34 ነበር፤ የወርቅ ቻርጅ ገና በትክክል ስላልታወቀ በ100 አስልቶታል። በስሌቱ ወርቁ ንቅንቅ እንደማይል ቆጥረናል፤ ትንሽ ወደ ኋላ ማፈግፈጉ ቢታሰብ ውጤቱ የሚለወጠው በ2 በመቶ ያህል ብቻ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ 30 ፌምቶ ሜትርን የአስኳሉ መጠን አድርጎ ይወስደዋል። አይደለም። 30 አልፋዋ የቆመችበት ቦታ ነው። አስኳሉን አልነካችውም። ስሌቱ የሚለው የአስኳሉ ስፋት ከዚህ አይበልጥም ነው፤ በምን ያህል እንደሚያንስ ግን አይናገርም። ያውም 30 በቀጥታ ለመጣችው ብቻ ነው። ወደ ጎን ፈንጠር ብላ የመጣች ቅንጣት በሩቁ ታልፋለች፤ 60 ዲግሪ ብቻ የታጠፈችው ከዚህ አንድ ተኩል እጥፍ ርቀት በላይ አልቀረበችም።

ሌላም የተደበቀ ነገር አለ። የረዘርፎርድ የብተና ቀመር የመሐሉ ቻርጅ ፖዘቲቭም ይሁን ኔጌቲቭ ያንኑ ውጤት ይሰጣል፤ ስባም ቢሆን አዙሮ የሚመልሳት መንገድ አለና። በ1911 ጽሑፉ ላይ ረዘርፎርድ ምልክቱን ሳይወስን ትቶታል። የቆመችበት ቦታ የሚባለው ነገር ትርጉም የሚኖረው ግን ግፊት ነው ካልን ብቻ ነው።

ቀመሩ በሌላ በኩል ሊፈተን የሚችል ነገር አቅርቧል። ማዕዘኑ ሲጠብ የብልጭታው ቁጥር በተወሰነ ሕግ መናር አለበት። ጋይገርና ማርስደን በ1913 ያሳተሙት ሠንጠረዥ ለወርቅ በ150 ዲግሪ 33 ብልጭታ፣ በ60 ዲግሪ 477፣ በ15 ዲግሪ 132,000 ያሳያል፤ እነዚህ ለንጽጽር በአንድ መለኪያ የተስተካከሉ ቁጥሮች ናቸው። ቀመሩ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው 3,000 ጊዜ ያህል ጭማሪ ይጠብቃል፤ የታየው 4,000 ነው። እንዲህ ባለ ሰፊ ክልል ላይ፣ ያውም በዓይን ተቆጥሮ፣ ይህ ልዩነት አያስነቅፍም።

ቀመሩ በወርቅ ላይ እስከ ሰፊው ማዕዘን ድረስ መያዙ ራሱ ማስረጃ ነው፤ አልፋዋ አስኳሉን ነክታ ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ ይዛባ ነበር። ስለዚህ የአስኳሉን እውነተኛ ዳር የሚፈልግ ሰው ቀመሩ የሚሰበርበትን ቦታ መፈለግ ነበረበት። አንዱ መንገድ ዳገቱን ዝቅ ማድረግ ነው። አሉሚኒየም 13 ቻርጅ ብቻ ስላለው ያቺው አልፋ ከ6 ፌምቶ ሜትር ባነሰ ርቀት ትደርሳለች። ካምብሪጅ ውስጥ በ1920ዎቹ የተደረጉ ሙከራዎች በእርግጥም በአሉሚኒየም ላይ ብልጭታዎቹ ከቀመሩ እንደሚያፈነግጡ አሳዩ። ቀላል አስኳሎች ተነኩ።

ወርቅ ግን በራዲየም አልተደፈረም። የወርቅ አስኳል ከመሐል እስከ ዳር ወደ 7 ፌምቶ ሜትር ነው፤ የአልፋዋ የራሷ ሲጨመር ሁለቱ የሚነካኩት 9 አካባቢ ላይ ነው። በላይኛው ስሌት d 9 እንዲሆን የሚያስፈልገው 227.5 ÷ 9፣ ወደ 25 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ነው፤ ይህም ከራዲየም ዘሮች ከሚወጣው ሦስት እጥፍ ይበልጣል። እንዲህ ያለውን አልፋ የሚያቀርበው ሳይክሎትሮን የሚባለው ማፋጠኛ ነበር። በ1950ዎቹ ሲያትል በሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ጉልበቱ ከዚያ በላይ እየጨመረ ሲሄድ፣ ከወርቅ የሚበተኑት አልፋዎች ቁጥር ከረዘርፎርድ ቀመር ወርዶ ማሽቆልቆል ጀመረ፤ የነኩት አስኳሉ እየዋጣቸው ወደ ቆጣሪው አልደረሱምና።