ሁለተኛው መውጫ የታሰረው በብረት ነው

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ከሚሠሩት መኖሪያ ቤቶች ብዙዎቹ ሌባን ለመከልከል በመስኮታቸው ላይ የተበየደ ፍርግርግ ስላለባቸው፣ ሌሊት በሳሎን እሳት ተነሥቶ ጢሱ የመኝታ ክፍሉን በር የዘጋ እንደሆነ፣ በውስጥ ላለው ነፍስ ሌላ መውጫ አይገኝለትም።

መድኃኒቱ ብረቱን መንቀል ሳይሆን፣ በየመኝታ ክፍሉ የአንዱ መስኮት ፍርግርግ በማጠፊያ ወደ ውጭ እንዲከፈትና መወርወሪያው ከውስጥ ያለ ቁልፍ በእጅ እንዲላቀቅ በበያጅ ማሠራት ነው፤ በጨለማና በጢስ መካከል ቁልፍ ፈልጎ ማግኘት እጅግ አዳጋች ነውና። የሌባ እጅ እንዳይደርስበት መወርወሪያው በላሜራ ይከለላል። ክፍተቱ 60 በ90 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ጎልማሳ ሰው ያሳልፋል።

በቡራዩ የሚገኝን ባለ ሦስት መኝታ ቤት ለአብነት ብንወስድ፣ የልጆቹ መስኮት በቤቱና በአጥሩ መካከል ወዳለ ጠባብ መተላለፊያ ቢከፈትና ያም በማገዶና በትርፍ ቆርቆሮ የተሞላ ቢሆን፣ በንድፉ ላይ የሠመረው መውጫ በእውነቱ ዝግ ነው። የውጭው በርም ሌሊት በጓጉንቸር የሚቆለፍ ከሆነ፣ ከመስኮት የወጣው ሁሉ በግቢው ተከቦ ይቀራል፤ ስለዚህ ለበሩም ከውስጥ በእጅ የሚከፈት መወርወሪያ ይደረግለት።

መሰብሰቢያው ከግቢው ውጭ፣ የእሳት አደጋ መኪና ከሚገባበት መንገድና ከኤሌክትሪክ ሽቦ የራቀ፣ ለምሳሌ ከመንገዱ ማዶ ያለው የጎረቤት ደጅ ይሁን፤ በዚያ ቤተ ሰቡ ይቈጠራል፣ የጐደለም ቢኖር ለእሳት አጥፊዎቹ ክፍሉ ይነገራቸዋል እንጂ ማንም ተመልሶ አይገባም።