ስልክን በራውተር ላይ መፍቀድና መከልከል፦ የማክ አድራሻ ማጣሪያ እስከ የት ይሠራል?

በካምፕ ውስጥ ለየብቻ ኢንተርኔት መግዛት ስለሚከብድ ብዙ ቤቶች አዋጥተው አንድ ራውተር በጋራ ይጠቀማሉ። ችግሩ የሚመጣው ፓስወርዱ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ነው። ለወር የተገዛው ጥቅል በሁለት ሳምንት ያልቅና ጎረቤት ጎረቤቱን መጠርጠር ይጀምራል። ያኔ አንዱ «የማናውቀውን ስልክ በማክ አድራሻው እንዝጋው» ይላል። ምክሩ መጥፎ አይደለም። ግን የሚያቆመውንና የማያቆመውን ለይተን እንወቅ።

ማክ አድራሻ ማለት አንድ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ከራውተሩ ጋር ሲገናኝ የሚታወቅበት ቁጥር ነው። ከ0 እስከ 9 ባሉ ቁጥሮችና ከA እስከ F ባሉ ፊደላት፣ ሁለት ሁለት እየሆነ በስድስት ጥንድ ይጻፋል፤ ለምሳሌ `00:1A:2B:3C:4D:5E`። በስልካችሁ የዋይፋይ ሴቲንግ ውስጥ የተገናኛችሁበትን ዋይፋይ ዝርዝር ብትከፍቱ ታገኙታላችሁ።

ማጣሪያውን ለመክፈት በራውተሩ ጀርባ ወይም ሆድ ላይ የተለጠፈውን አድራሻ፣ ለምሳሌ `192.168.0.1`፣ በብሮውዘር ጽፋችሁ ግቡ። ቦታው በብዙ ራውተሮች `MAC Filtering` ወይም `Access Control` ይባላል። ሁለት መንገድ አለው። `Deny` ከመረጣችሁ የጻፋችኋቸው ብቻ ይከለከላሉ፣ ሌላው ሁሉ ይገባል። `Allow` ከመረጣችሁ ደግሞ የጻፋችኋቸው ብቻ ይገባሉ።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ስምንት ስልኮች ብቻ ሊጠቀሙበት በተገዛ ራውተር ላይ የተገናኙትን ስናይ አስራ አንድ ሆኑ እንበል። ሦስቱን በ`Deny` ዘጋናቸው። በማግስቱ ሌሎች የማይታወቁ ቁጥሮች መጡ። አዲስ ሰው ገባ ማለት ላይሆን ይችላል። ከአንድሮይድ 10 ወዲህ ያሉ ብዙ ስልኮች፣ እንዲሁም ከአይኦኤስ 14 ጀምሮ አይፎኖች፣ ለዋይፋይ የራሳቸውን ቁጥር ይፈጥራሉ። ባለቤቱ በዋይፋይ ሴቲንጉ ውስጥ ይህን ምርጫ ሲቀይር ስልኩ በሌላ ቁጥር ይመጣል፣ ራውተሩም እንደ እንግዳ ይቀበለዋል። እንዲህ ዓይነቱን ቁጥር መለየት ቀላል ነው፤ ከፊት ሁለተኛው ቁምፊ 2፣ 6፣ A ወይም E ከሆነ ስልኩ የፈጠረው ነው።

ስለዚህ `Allow` ይሻላል። መጀመሪያ የምትሠሩበትን የራሳችሁን ስልክ መዝግቡ፣ ቀጥሎ የሰባቱን፤ ማጣሪያውን የምታበሩት በመጨረሻ ነው። የራሱን ሳይመዘግብ ያበራ ሰው እሱም ውጭ ይቀራል። ያኔ በኬብል ገብቶ ማስተካከል ይችላል። ኬብል ከሌለ የ`Reset` ቁልፉን አሥር ሰከንድ ያህል ተጭኖ መያዝ ነው፤ ግን ይህ ሁሉንም ሴቲንግ ያጠፋል። ለአባላቱም ቁጥሩን የሚቀይረውን ምርጫ እንዳይነኩ ንገሯቸው፣ ካልሆነ እነሱም ይዘጋባቸዋል።

`Allow`ም ቢሆን ሁለት ቀዳዳ አለው። አንደኛው፣ ፓስወርድ ያለው ዋይፋይ የምትልኩትን መልእክት ቢሸፍንም ማክ አድራሻውን አይሸፍነውም። ላፕቶፕና ተስማሚ ሶፍትዌር ያለው ሰው ቁጥራችሁን ከአየር ላይ አንብቦ በራሱ ላይ ይለጥፈዋል። ማጣሪያው ካርድ ቁጥር ብቻ ጠይቆ፣ አሻራ ሳያስደርግ ራሽን እንደሚያድል ሰው ነው። ስልካችሁ ጠፍቶ ሳለ ቁጥሩ በራውተሩ ላይ ተገናኝቶ ከታየ፣ ወይም ኢንተርኔታችሁ ያለምክንያት ቶሎ ቶሎ ከተቆራረጠ፣ ይህን ጠርጥሩ። መቆራረጡ ብቻውን ግን ማስረጃ አይደለም፤ ኔትወርክ ሲደክምም ያው ነው።

ሁለተኛው ቀዳዳ በካምፕ ይበልጥ የሚያጋጥም ነው። አንዳንድ ስልኮች የያዙትን ዋይፋይ በሆትስፖት መልሰው ያካፍላሉ። ከተፈቀደው ስልክ ጀርባ አራት ሰው ቢጠቀም ራውተሩ የሚያየው አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ራውተራችሁ እያንዳንዱ ስልክ የወሰደውን ዳታ የሚያሳይ ከሆነ የአንዱ ብቻ በጣም በዝቶ ታገኙታላችሁ። ይህን ማጣሪያው አያስቆምም፤ ቁጭ ብሎ መነጋገር ነው ያለው።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። መጀመሪያ የዋይፋዩን ፓስወርድ ረዘም ባለ አዲስ ቀይሩ፣ ጥበቃውንም `WPA2` ወይም `WPA3` አድርጉት። `WPS` የሚለውን አጥፉ። የራውተሩን መግቢያ ፓስወርድም ቀይሩ፤ አለበለዚያ የገባ ሰው ዝርዝራችሁን ራሱ ያስተካክለዋል። ማጣሪያው ከዚህ በኋላ ይጨመር። ያኔ ፓስወርዱን ከልጅ አፍ የሰማ ሰው በቀላሉ አይገባም፣ ቁጥር መገልበጥ የሚችለውም ያለ ፓስወርዱ ይቸገራል።

አንድ ነገር ግን አደራ። በዝርዝሩ ላይ የሚታየው የዕቃ ቁጥር ነው እንጂ ሰው አይደለም። ቁጥር ሊቀየርም ሊገለበጥም ስለሚችል፣ እሱን ብቻ ይዛችሁ ጎረቤታችሁን «ሌባ» አትበሉ።