ሰዓቱ የሳተ ስልክና ተቀባይነት ያጣ ኮድ

የማረጋገጫ ኮድ የሚያወጣ መተግበሪያ፣ ለምሳሌ ጎግል ኦተንቲኬተር፣ ከማንም ጋር ሳይገናኝ በየ30 ሰከንዱ አዲስ ባለስድስት አሃዝ ቁጥር ያሳያል። የኢሜይል ወይም የፌስቡክ መለያውን የሚከፍት ሰው ከይለፍ ቃሉ ቀጥሎ ይህን ቁጥር ይጽፋል። በአጭር መልእክት ከሚላከው ኮድ የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ የመልእክቱን ኮድ የሚያዘጋጀው ድርጅቱ ሲሆን፣ የመተግበሪያውን ኮድ ግን ስልኩ ራሱ ያሰላዋል። ስለዚህ ኔትወርክ በጠፋበት ቦታም ኮዱ መውጣቱን አያቋርጥም። ትክክለኛ መሆኑ ግን በስልኩ ሰዓት ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ስሌቱ ሁለት ነገር ይፈልጋል። አንደኛው ምስጢራዊ ቁልፍ ነው፤ መተግበሪያው መጀመሪያ ሲገጠም በካሜራ በተነበበው ባለአራት ማዕዘን ምስል ውስጥ ይገኛል፤ ቅጂው በድርጅቱ ሰርቨር ላይ ተቀምጧል። ሁለተኛው ሰዓት ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. RFC 6238 በሚል መጠሪያ የወጣው ደንብ እንደሚለው፣ ስልኩ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 እ.ኤ.አ. እኩለ ሌሊት (በግሪንዊች ሰዓት) ጀምሮ ያለፉትን ሰከንዶች ቆጥሮ ለ30 ያካፍልና ቀሪውን ይጥላል። የተገኘው ቁጥር የወቅቱ ተራ ይባል። ተራውና ቁልፉ ተቀላቅለው ከሚወጣው ረጅም ውጤት ስድስት አሃዝ ይወሰዳል። ሰርቨሩም በራሱ ሰዓት ይህንኑ ስሌት ይሠራል፤ ሁለቱ ከገጠሙ በሩ ይከፈታል።

```
ተራ = floor(ሰከንድ / 30)
```

ከደንቡ ጋር አብሮ የታተመው የሙከራ ሠንጠረዥ ነገሩን በግልጽ ያሳያል። የሙከራው ቁልፍ `12345678901234567890` ነው። ሰከንዱ 1111111109 ሲደርስ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መጋቢት 9 ቀን 1997 ዓ.ም. ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ከ29 ሰከንድ ላይ ማለት ነው፣ ተራው 37037036 ነው፤ ኮዱም 081804 ይሆናል። ሁለት ሰከንድ ቆይቶ ተራው 37037037 ይገባና ኮዱ 050471 ይሆናል። በሁለቱ ኮዶች መካከል ምንም ዝምድና አይታይም። ሰዓቱ ጥቂት የዘገየ ስልክ «ለትክክለኛው የቀረበ» ኮድ አይሰጥም፤ አንድ ተራ የተሳሳተ ኮድና ሺህ ተራ የተሳሳተ ኮድ እኩል የተሳሳቱ ናቸው።

ሰርቨሮች ይህን ስለሚያውቁ ትንሽ ይታገሣሉ። ኮዱ ተጽፎ እስኪላክ ለሚያልፈው ጊዜ ደንቡ ቢበዛ አንድ ተራ ይፈቀድ ይላል፤ ብዙ ድርጅቶች ደግሞ አንድ ተራ ወደ ኋላና አንድ ተራ ወደ ፊት ይቀበላሉ። በዚህ አሠራር እስከ 30 ሰከንድ የሳተ ስልክ ችግር አይገጥመውም። ከ30 እስከ 60 ሰከንድ የሳተው አንዳንዴ ይሳካለታል፣ አንዳንዴ ይከለከላል። ከዚያ በላይ የሳተ ፈጽሞ አይገባም፤ የሚያየው መልእክት ግን «ኮዱ ተሳስቷል» የሚል ብቻ ነው። ሰዓት የሚለው ቃል በመልእክቱ ውስጥ አይነሳም፤ ሰዎች ጥፋቱን በመተግበሪያው ላይ የሚያሳብቡትም በዚህ ምክንያት ነው።

ላሊበላን በመሰለ ከተማ የዚህ ስሕተት ትልቁ ምንጭ የተበላሸ ስልክ አይደለም። ኢትዮጵያ በሁለት ሰዓት አቆጣጠር የምትኖር አገር ናት። ቅዳሴው፣ ገበያውና የአውቶቡስ መነሻው በሐበሻ ሰዓት ይነገራል፤ የአውሮፕላን ትኬቱና የውጭ ጎብኚው ቀጠሮ በፈረንጅ ሰዓት ይጻፋል። በሁለቱ መካከል ስድስት ሰዓት አለ። ብዙ ሰው በየጊዜው ስድስት ከመደመርና ከመቀነስ ብሎ የስልኩን ሰዓት በእጁ ይቀይረዋል፤ ከጧቱ 3 ሰዓት ላይ 9:00 የሚለውን ስልክ 3:00 እንዲል ያደርገዋል። ለዐይን ፍጹም ትክክል ነው፤ ለስሌቱ ግን አይደለም።

አንድ አስጎብኚ የእንግዶቹን ደብዳቤ የሚቀበልበትን ኢሜይል በኦተንቲኬተር ቆልፏል እንበል። የስልኩ የሰዓት ክልል እንደ ቀድሞው አዲስ አበባ ነው፤ ማለትም ከግሪንዊች ሦስት ሰዓት ይቀድማል። የሚታየውን ሰዓት ወደ 3:00 AM ሲቀይር ስልኩ የሚረዳው «አሁን በአዲስ አበባ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው» ብሎ ነው። ሦስት ሰዓት ቀንሶ የግሪንዊችን ሰዓት ሲያወጣ ከእውነተኛው 21600 ሰከንድ ወደ ኋላ ይቀራል። 21600 ለ30 ሲካፈል 720 ተራ ነው። ሰርቨሩ 37037037ን ሲጠብቅ ስልኩ 37036317ን አስልቶ ያቀርባል፤ ከስድስት ሰዓት በፊት ጊዜው ያለፈበት ኮድ ነው። አስጎብኚው AM እና PMን ሳያስተውል 3:00 PM አድርጎት ከሆነ ደግሞ ስልኩ በስድስት ሰዓት ይቀድማል። በገጹ ላይ ያው 3:00 ነው የሚታየው። አሁን የተከለከለው ኮድ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ተራው ሲደርስ የሚሠራ ይሆናል፤ ወረቀት ላይ ጽፎ ያቆየው ሰው ሊሞክረው ይችላል።

ስድስት ሰዓቱን አሳሳች የሚያደርገው ሌላውን ሁሉ የማይነካ መሆኑ ነው። ድረ ገጾች የደኅንነት ምስክር ወረቀታቸውን የሚያሳዩት ለሳምንታትና ለወራት ጸንቶ የሚቆይ ቀን ይዘው ስለሆነ በስድስት ሰዓት ስሕተት አብዛኛውን ጊዜ አይደናገጡም። ቴሌግራም ይከፈታል፣ ካርታው ይሠራል፣ ማንቂያው በሰዓቱ ይደውላል። አንድ ኮድ ብቻ እምቢ ይላል። የስልኩን ዓመተ ምሕረት ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ለማምጣት ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ የመለሰ ሰው ግን ምክንያቱን ለማወቅ አይቸገርም፤ ድረ ገጾቹ በሙሉ `NET::ERR_CERT_DATE_INVALID` እያሉ ይዘጉበታል።

ሁለተኛው ምንጭ ሰው ያልነካው፣ ቀስ በቀስ የሚንሸራተት ሰዓት ነው። በስልክ ውስጥ ጊዜ የሚቆጥረው በሰከንድ 32768 ጊዜ የሚርገበገብ ደቃቅ የኳርትዝ ስባሪ ነው። በተለመደው ጥራት የተሠራ ኳርትዝ በሚሊዮን ሰከንድ ውስጥ እስከ 20 ሰከንድ ሊሳሳት ይችላል፤ በቀን 1.7 ሰከንድ፣ በወር 50 ሰከንድ ያህል ማለት ነው። ኳርትዙ የሚስማማው ሙቀት 25 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከዚያ ሲሞቅም ሲበርድም ይዘገያል። የላስታ ተራራ ሌሊት ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ፣ መስኮት ሥር ያደረ ስልክ በብርዱ ምክንያት ብቻ በቀን ከግማሽ ሰከንድ የሚበልጥ ሊዘገይ ይችላል። ለደገኛው ደስ የሚለው፣ ስልኩ ኪስ ውስጥ ከዋለ ብርዱ ብዙም አይደርስበትም።

በተለመደው ጊዜ ይህ መንሸራተት አይታወቅም፤ ስልኩ ከኔትወርኩ ወይም በኢንተርኔት ከሰዓት ሰርቨሮች ትክክለኛውን ጊዜ እየጠየቀ ራሱን ያርማል። ግንኙነቱ ሲቋረጥ ግን ኳርትዙ ብቻውን ይቀራል። ላሊበላ ይህን በደንብ ታውቀዋለች። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ከተማዋ በጦርነቱ ከተያዘች በኋላ ለወራት መብራትም ስልክም አልነበረም፤ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅም የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጧል። በቀን 1.7 ሰከንድ የሚዘገይ ስልክ በ120 ቀን ሦስት ደቂቃ ተኩል ወደ ኋላ ይቀራል፤ ሰባት ተራ ገደማ ነው። ባለቤቱ ኢንተርኔት ባለበት በሌላ ስልክ ወይም ኮምፒዩተር ኢሜይሉን ሊከፍት ሲቀመጥ፣ ከኪሱ ስልክ ላይ የሚያነበው ኮድ ተቀባይነት አያገኝም።

መብራት ከሌለ ደግሞ የባሰ አለ። በአብዛኛው ስልክ ሰዓት ቆጣሪው የሚመገበው ከዋናው ባትሪ ነው። ባትሪው ፈጽሞ ደርቆ ለሳምንታት ከተቀመጠ ቆጠራው ይቆማል፤ ስልኩ ሲነሣ አንዳንዱ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970፣ በእኛ አቆጣጠር ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ይጀምራል። ይህ ቢያንስ ራሱን አይደብቅም።

የኮዱ መከልከል ከሰዓት የመጣ መሆኑን ለመለየት ሰዓቱ በትክክል ከሚታወቅ መሣሪያ ጋር ማስተያየት ይበቃል፤ ሆኖም ሰዓትና ደቂቃ ብቻ ሳይሆን AM እና PM፣ ቀኑና የሰዓት ክልሉም መታየት አለባቸው። ስሕተቱ በሰከንዶች የሚቆጠር ከሆነ ኮዱ ራሱ አቅጣጫውን ይናገራል። 45 ሰከንድ የዘገየ ስልክ፣ አንድ ተራ በሚታገሥ ሰርቨር ዘንድ፣ ኮዱ ገና ብቅ ባለባቸው 15 ሰከንዶች ይሳካለታል፤ ከዚያ ያው ኮድ ይከለከላል። የቀደመ ስልክ ተቃራኒው ነው፤ አዲሱ ኮድ ተከልክሎ ሊጠፋ ሲል ይቀበሉታል።

መድኃኒቱ በስልኩ `Settings` ውስጥ `Date & time` ገብቶ ሰዓቱ ራሱን እንዲያርም መፍቀድና ኢንተርኔት እስኪያገኝ መጠበቅ ነው። የቆዩ የአንድሮይድ ጎግል ኦተንቲኬተር እትሞች የስልኩን ሰዓት ሳይነኩ የራሳቸውን ልዩነት የሚያርሙበት `Time correction for codes` የሚባል ምርጫ ነበራቸው። ኢንተርኔት ከሌለ ሰዓቱን ከራዲዮ የሰዓት ምልክት ጋር በእጅ ማስተካከልም ለኮዱ ይበቃል፤ የሚፈለገው የጥቂት ሰከንድ ትክክለኛነት ነውና።

በሐበሻ ሰዓት መኖር የፈለገ ሰውም መንገድ አለው፤ የሚቀየረው ሰዓቱ ሳይሆን ክልሉ ነው። አንድሮይድ ላይ ሰዓቱ ራሱን እንዲያርም ትቶ፣ የክልሉን ምርጫ ብቻ በእጅ አድርጎ ቦነስ አይረስን መምረጥ ይቻላል። የአርጀንቲናዋ ከተማ ከግሪንዊች ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ናት፤ ከአዲስ አበባ ደግሞ በትክክል ስድስት ሰዓት። ስልኩ 3:00 ይላል፣ ውስጡ ያለው ቆጠራ ግን አልተነካም፤ ኮዱም ይሠራል። ጉዳቱ ቀኑ የሚለወጠው በእኩለ ሌሊት ሳይሆን ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ መሆኑ ነው፤ በሌሊት የሚነሳ በረራ ያለው ሰው ይህን ልብ ሊል ይገባል። አይፎን ላይ ሰዓቱና ክልሉ በአንድ ቁልፍ ስለሚታዘዙ ክልሉን በእጅ የመረጠ ሰው የራስ ማረሚያውንም ያጣል፤ መንሸራተቱን አልፎ አልፎ ቁልፉን መልሶ በማብራት ማስተካከል ይኖርበታል።

ብዙዎች በንዴት የሚያደርጉት ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው፤ መለያውን ከመተግበሪያው ይሰርዙታል፣ ወይም መተግበሪያውን አጥፍተው እንደገና ይጭናሉ። ቁልፉ ጤነኛ ነበር፤ ሲሰረዝ ግን ከስልኩ ይጠፋል፤ ቅጂው በሌላ ቦታ ካልተቀመጠለት ከዚያ በኋላ ሰዓቱ ቢስተካከልም ትክክለኛ ኮድ የሚያወጣ ነገር አይኖርም። ደጋግሞ መሞከርም መለያውን ለጊዜው ሊያስቆልፈው ይችላል። መተግበሪያው ሲገጠም ድርጅቱ የሚሰጣቸው የመጠባበቂያ ኮዶች ሰዓት አያውቁም፤ እያንዳንዳቸው አንድ ጊዜ ብቻ ይሠራሉ፤ በወረቀት ተጽፈው የተቀመጡ እንደሆነ ስልኩ የትኛውም ዓመት ላይ ቢሆን በሩን ይከፍታሉ።