የሥራ አስኪያጅ የግል ዋስትና ለማኅበር ብድር፦ ጣሪያው፣ ዘመኑና መውረጃው

ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ከባንክ ሲበደር ሥራ አስኪያጁ በግሉ ዋስ እንዲሆን መጠየቁ የተለመደ ነው። በዚህ ፊርማ ሥራ አስኪያጁ ማኅበሩን በማቋቋም ያገኘውን የተወሰነ ኃላፊነት ለዚያ አበዳሪ ሲል በገዛ እጁ ይተዋል። ስለዚህ የዋስትናው ውል የቃላት አጻጻፍ ከብድር ውሉ አባሪዎች እንደ አንዱ ተቆጥሮ ሊታለፍ አይገባውም። በተግባር ግን ብዙውን ጊዜ የሚፈረመው በባንኩ በተዘጋጀ የአንድ ገጽ ቅጽ ሲሆን፣ ስለ መጠኑ አንድ መስመር ይጻፍበታል፤ ስለ ዘመኑና ዋሱ ነጻ ስለሚወጣበት ሁኔታ ደግሞ አንዳችም አይነገርበትም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለዋስትና ጥብቅ መነሻ አለው። በቁጥር 1922 መሠረት ዋስትና በግምት አይወሰድም፤ በግልጽ መሰጠት አለበት፤ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ ልክ ያልተጻፈበት ውልም ፈራሽ ነው። ቁጥር 1725 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ ቁጥር 1727 ደግሞ ግዴታ የገቡት ሁሉ እንዲፈርሙበትና ሁለት ምስክሮች እንዲያረጋግጡት ያዛሉ። ከፍተኛውን ልክ መጻፍ ግዴታ በመሆኑ ብዙ አርቃቂዎች ቁጥሩን ካሰፈሩ በኋላ የጣሪያው ጉዳይ ያለቀ ይመስላቸዋል። አከራካሪው ነገር የሚጀምረው ግን ከቁጥሩ በኋላ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ የካርቶን ማሸጊያ አምራች ማኅበር ጥር 1 ቀን 2017 ዓ.ም. 12 ሚሊዮን ብር ይበደራል። ዋናው ገንዘብ በአራት ዓመት ውስጥ በየሦስት ወሩ 750,000 ብር እየተከፈለ በ16 ጊዜ ያልቃል። ማሽኖቹ በመያዣነት ተሰጥተዋል፤ ሥራ አስኪያጁም «እስከ 4 ሚሊዮን ብር ዋስ ነኝ» ብሎ ፈርሟል። ማኅበሩ ሰባት ክፍያዎችን በወቅቱ ከፍሎ ጥር 1 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚደርሰውን ስምንተኛውን ሳይከፍል ቀረ እንበል። ቀሪው ዋና ገንዘብ 6,750,000 ብር ነው፤ የተጠራቀመው ወለድ 600,000 ብር ቢሆን ጠቅላላ ዕዳው 7,350,000 ብር ይሆናል። ማሽኖቹ በ3,500,000 ብር ቢሸጡ 3,850,000 ብር ሳይሸፈን ይቀራል።

ዋሱ ስንት ይክፈል? ባንኩ ዋስትናው እስከ ጣሪያው ድረስ ማናቸውንም ቀሪ ዕዳ እንደሚሸፍን አድርጎ ስለሚያነበው 3,850,000 ብር ይጠይቃል። ዋሱ በበኩሉ ዋስ የሆነው ለመጀመሪያዎቹ 4 ሚሊዮን ብር እንደሆነና ማኅበሩ አስቀድሞ 5,250,000 ብር ስለከፈለ ዋስትናው እንዳለቀ ሊከራከር ይችላል፤ በዚህ ንባብ የሚከፍለው ዜሮ ነው። ሦስተኛው ንባብ 4 ሚሊዮን የ12 ሚሊዮን ሲሶ መሆኑን ይዞ ከጉድለቱ ሲሶውን፣ ማለትም 1,283,333 ብር ገደማ ያስከፍላል። ሁለተኛው ንባብ በፍርድ ቤት የመርታት ዕድሉ ጠባብ ይመስላል፤ ሆኖም ሦስቱም ከአንድ ሐረግ መውጣታቸው ሐረጉ ያልጨረሰው ሥራ እንዳለ ያሳያል።

ለሁለቱም ወገን ሚዛናዊ የሚሆነው ከዋናው ገንዘብ ጋር አብሮ የሚወርድ ጣሪያ ነው። የውሉ አንቀጽ እንዲህ ሊነበብ ይችላል፦ «ዋሱ በማናቸውም ጊዜ የሚጠየቀው ከፍተኛ መጠን ጥያቄው በቀረበበት ቀን ሳይከፈል የቀረው ዋና ገንዘብ ሲሶ ሲሆን፣ በማናቸውም ሁኔታ ከብር 4,000,000 (አራት ሚሊዮን) አይበልጥም። ይህ መጠን ዋና ገንዘብን፣ ወለድን፣ መቀጫንና ማስከፈያ ወጪን ሁሉ ያጠቃልላል።» በምሳሌው ባንኩ ዋሱን የጠየቀው ማሽኖቹ ከመሸጣቸው በፊት ከሆነ ጣሪያው የ6,750,000 ብር ሲሶ፣ 2,250,000 ብር ይሆናል። ባንኩም ሕግ የሚጠይቀውን ቁርጥ ያለ የላይኛ ልክ አላጣም፤ ምክንያቱም 4 ሚሊዮኑ በቁጥርም በፊደልም ተጽፏል። ወለድና ወጪ ከጣሪያው ውጭ ከተተዉ ግን የዋሱ ዕዳ የላይኛ ወሰን አይታወቅም፤ ይህም ቁጥር 1922ን መሠረት ያደረገ ክርክር ይጋብዛል። ባንኩ ከጣሪያው በላይ እንዲታሰብለት በምክንያት ሊጠይቅ የሚችለው ዋሱ ራሱ ተጠይቆ ሲዘገይ የሚቆጠረውን ወለድ ነው፤ ይህም ከተፈቀደ ለብቻው መጻፍ አለበት።

ጣሪያው በማን ቀድሞ መጠየቅ ላይም ይመሠረታል። በባንክ ቅጾች የሚገኘው «በአንድነትና በነጠላ» የሚለው ቃል ቁጥር 1933ን ያስከትላል፤ ባለገንዘቡ ባለዕዳውን አስቀድሞ ሳይጠይቅ፣ መያዣውንም ሳይሸጥ በቀጥታ ዋሱን ሊከስ ይችላል። ዋሱ ከከፈለ በኋላ በባለገንዘቡ መብት ተተክቶ ከመያዣው ሊካስ ቢችልም እስከዚያው ገንዘቡን የሚያወጣው እርሱ ነው። ባንኩ ይህን ቃል አልተውም ካለ «ባለገንዘቡ መያዣውን ለመሸጥ እርምጃ ከጀመረ 90 ቀን ሳይሞላ ዋሱን አይጠይቅም» የሚል ሐረግ መጨመር ይቻላል። ይህ ከሆነ ከላይ «ጥያቄው በቀረበበት ቀን» የተባለው የጣሪያ መለኪያም ከሽያጩ በኋላ ሊውል ስለሚችል ሁለቱ አንቀጾች አብረው መነበብ አለባቸው።

ዘመኑን በተመለከተ የተለመደው ስህተት አንድ ቀን ብቻ መጻፍ ነው። «ይህ ዋስትና እስከ ታኅሣሥ 30 ቀን 2020 ዓ.ም. ይጸናል» የሚል ውል የሚናገረው ስለ የትኛው ድርጊት እንደሆነ አይታወቅም። ዕዳው እስከዚያ ቀን መድረስ አለበት? ባንኩ እስከዚያ ቀን በጽሑፍ መጠየቅ አለበት? ወይስ እስከዚያ ቀን ክስ መመሥረት? ሁለተኛውና ሦስተኛው ካልተወሰኑ፣ ባንኩ ዕዳው የደረሰው በዘመኑ ውስጥ ነው በማለት በቁጥር 1845 የተደነገገውን የ10 ዓመት ይርጋ ሊጠቅስ ይችላል፤ ሦስት ዓመት የመሰለው ዋስትናም ከአሥር ዓመት በላይ በዋሱ ራስ ላይ ያንዣብባል። ስለዚህ ሁለት ቀኖች ይጻፉ፦ ዕዳው መድረስ ያለበት የመጨረሻ ቀንና የባንኩ የጽሑፍ ጥያቄ ለዋሱ መድረስ ያለበት የመጨረሻ ቀን። ለምሳሌ ሁለተኛው የካቲት 30 ቀን 2020 ዓ.ም. ቢሆን ባንኩ ልክ 60 ቀን ያገኛል። ቀኖቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆናቸውም ይገለጽ፤ የባንኩ የክፍያ ሰንጠረዥ በአውሮፓ አቆጣጠር ሲሆን የቀን ልዩነት መፈጠሩ አይቀርም።

በዚሁ ምሳሌ የባንኩ አርቃቂ ሊያየው የሚገባ ወጥመድ አለ። አሥራ ሁለተኛው ክፍያ የሚደርሰው ጥር 1 ቀን 2020 ዓ.ም. ነው፤ በአንድ ቀን ልዩነት ከዋስትናው ውጭ ይወድቃል። የዋሱ ጠበቃ ደግሞ ተቃራኒውን ወጥመድ መዝጋት አለበት፦ ባንኩ በዘመኑ የመጨረሻ ሳምንት አንድ የዘገየ ክፍያ ምክንያት አድርጎ ብድሩ በሙሉ ወዲያውኑ እንዲከፈል ቢያውጅ የአራተኛው ዓመት ዕዳ ሁሉ በዘመኑ ውስጥ የደረሰ ይሆናል። «ባለገንዘቡ ቀሪው ብድር አስቀድሞ እንዲከፈል ቢወስንም፣ ለዚህ ዋስትና ሲባል እያንዳንዱ ክፍያ እንደደረሰ የሚቆጠረው በመጀመሪያው ሰንጠረዥ መሠረት ነው» የሚል ሐረግ ይህን ይከላከላል። ባንኮች በቀላሉ አይቀበሉትም፤ ካልተቀበሉት የሚወርደው ጣሪያ ጉዳቱን ይቀንሰዋል።

መውረጃው ላይ ብዙ ሥራ አስኪያጆች የሚሳሳቱት ከሥልጣን ሲለቁ ዋስትናውም አብሮ የሚለቃቸው እየመሰላቸው ነው። ዋስትናው የሰው እንጂ የወንበሩ አይደለም፤ ሹመት መልቀቅም ሆነ ድርሻን መሸጥ በራሱ ዋሱን ነጻ አያወጣም። «ዋሱ ሥራ ከለቀቀ በኋላ ለሚፈጠር ዕዳ አይጠየቅም» ብሎ መጻፍም የሚረዳው ብድሩ እየወጣና እየተመለሰ በሚታደስበት የኦቨርድራፍት ሒሳብ ብቻ ነው። በምሳሌው 12 ሚሊዮኑ በመጀመሪያው ቀን ወጥቷል፤ ከመልቀቅ በኋላ የሚፈጠር አዲስ ዋና ዕዳ የለም፤ ሐረጉም ለዋሱ የሚያስገኘው እምብዛም ነው። እዚህ የሚያስፈልገው ከሒሳቡ ራሱ ሊረጋገጥ የሚችል ሁኔታ ነው፦ ቀሪው ዋና ገንዘብ 4,500,000 ብር ወይም ከዚያ በታች ሲሆንና የመጨረሻዎቹ ሦስት ክፍያዎች በወቅቱ ሲከፈሉ ዋሱ ነጻ ይሆናል። ማኅበሩ ሳያዛንፍ ከከፈለ ይህ የሚደርሰው በአሥረኛው ክፍያ፣ ሐምሌ 1 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው። በአንጻሩ «ባንኩ ሲያምንበት» ወይም «ተመጣጣኝ ዋስ ሲተካ» የሚሉት ሐረጎች መውረጃውን በባንኩ ፈቃድ ላይ ይጥሉታል፤ ተተኪ ዋስ ከተፈቀደ ምን ያህል ንብረት ያለው እንደሚበቃ መነገር አለበት።

የነጻነቱ ምንጭ ሁኔታው መሟላቱ እንጂ የባንኩ ደብዳቤ መሆን የለበትም። ደብዳቤው ማስረጃ ነው። ስለዚህ «ሁኔታው እንደተሟላ ዋስትናው ያለ ተጨማሪ ድርጊት ቀሪ ይሆናል፤ ባለገንዘቡም ዋሱ በጠየቀ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ይህንኑ የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ይሰጣል» ተብሎ ይጻፍ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ አንድ ቸልተኛ የቅርንጫፍ ሠራተኛ ዋስትናውን ለወራት ሊያስረዝም ይችላል።

የብድሩ ውል መሻሻል ሌላው መውረጃ ነው፤ በሥራ አስኪያጅ ላይ ግን ልዩ ችግር አለው። የክፍያ ጊዜው ሲራዘም ወይም የወለድ መጠኑ ሲጨምር ማኅበሩን ወክሎ የሚፈርመው ራሱ ዋሱ ነው። ባንኩም «አውቆ ፈርሟል፤ በዋስነቱም ተስማምቷል» ይላል። መፍትሔው ሁለቱን ማንነት መለየት ነው፦ ማሻሻያው ዋሱን የሚያስገድደው «ዋስ» በሚለው ቃል ሥር በተጨማሪ ከፈረመ ብቻ እንደሆነ፣ ያለዚያ ግን ዋሱ እንደ መጀመሪያው ሰንጠረዥ ብቻ እንደሚጠየቅ ይጻፍ።

የትዳር ጓደኛ ፊርማ በቅጹ መጨረሻ ላይ ቢቀመጥም ለባንኩ ክብደቱ ከባድ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በቁጥር 68 ከ500 ብር በላይ ለሆነ የሌላ ሰው ዕዳ ዋስ መሆን የሁለቱንም ተጋቢዎች ስምምነት እንደሚፈልግ ይደነግጋል፤ ዛሬ ይህ ልክ ከአንድ ምሳ ግብዣ የማይበልጥ መሆኑ ድንጋጌውን አላስቀረውም። ያልተስማማው ተጋቢ ውሉን ባወቀ በ6 ወር፣ በማናቸውም ሁኔታ ግን ውሉ በተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ እንዲፈርስ ሊጠይቅ ይችላል። የትዳር ጓደኛው ፊርማ ግን ፈቃድ እንጂ ሁለተኛ ዋስትና አለመሆኑ በውሉ ይገለጽ፤ ያለዚያ ባንኩ ሁለት ዋስ እንዳገኘ ሊከራከር ይችላል።

በመጨረሻም ባንኩ የተከፈለው ገንዘብ ማኅበሩ በመክሰሩ ምክንያት በፍርድ ቤት ተሽሮ እንዲመለስ ቢደረግ ዋስትናው እንዲያንሰራራ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ወሰን ያልተደረገለት ግን የመውረጃውን አንቀጽ ሁሉ ባዶ ያደርገዋል። ዋሱ ሊቀበለው የሚችለው ማንሰራራቱ በተመለሰው ገንዘብ ልክ ብቻ ሲሆን፣ በ4 ሚሊዮኑ ጣሪያ ሥር ሲቆይና ባንኩ ዋሱ ነጻ ከወጣበት ቀን ጀምሮ በተወሰነ ጊዜ፣ ለምሳሌ በአንድ ዓመት ውስጥ በጽሑፍ ሲያሳውቀው ነው።