ማር ለማይበላ ወዳጅ ምን ይወሰዳል?

ባገራችን ወዳጅ ቤት ባዶ እጅ አይኬድም። የታመመ ሲጠየቅም ሆነ የወለደች ስትጠየቅ በእጅ የሚያዘው ብዙውን ጊዜ የሚበላ ወይም የሚጠጣ ነገር ነው። ማር፣ ዳቦ፣ ስኳር፣ ለስላሳ፣ ጠላ ይወሰዳል። ደግ ልማድ ነው። ነገር ግን ወዳጃችን ሐኪም ምግቡን በልክ እንዲበላ ያዘዘው ሰው ሲሆንስ? ያን ጊዜ ምን ይዘን እንሂድ? በዚህ ምዕራፍ የስኳር በሽታ ይዞት በየቀኑ መርፌ የሚወጋን ሰው ምሳሌ አድርገን እንመለከታለን።

የስኳር በሽታ ምንድን ነው?

የምንበላው እንጀራ፣ ዳቦ፣ ቆሎና ድንች ሆዳችን ውስጥ ሲፈጭ ወደ ስኳርነት ይለወጣል። ስኳሩም ወደ ደም ይገባል። በሆዳችን ውስጥ ቆሽት የሚባል የአካል ክፍል አለ። ቆሽት ኢንሱሊን የሚባል ነገር ያመነጫል። የኢንሱሊን ሥራ ስኳሩን ከደም አውጥቶ ወደ ሥጋችን ማስገባት ነው። ሥጋችን ጉልበት የሚያገኘው በዚህ ዓይነት ነው።

ቆሽት ኢንሱሊን ማመንጨት ሲያቆም ስኳሩ ደም ውስጥ ይጠራቀማል። ከዚያም በሽንት ይወጣል። ሰውየው ቶሎ ቶሎ ይጠማዋል፣ ቶሎ ቶሎ ይሸናል፣ እየበላም ይከሳል። እንዲህ ያለው ሕመምተኛ ኢንሱሊን በመርፌ ካልወሰደ በሕይወት አይቆይም። ኢንሱሊን በመርፌ ለሕመምተኛ መስጠት የተጀመረው በካናዳ አገር፣ በቶሮንቶ ከተማ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1922 ነው። ከዚያ በፊት ለዚህ በሽታ መድኃኒት አልነበረውም።

ማር ለምን አይሆንም?

«ማር እኮ የተፈጥሮ ነው፤ እንዲያውም መድኃኒት ነው» የሚሉ አሉ። ለስኳር በሽተኛ ግን ማርም ስኳር ነው። ከ100 ግራም ማር ውስጥ 80 ግራም ያህሉ ስኳር ነው። አንድ ጠርሙስ ለስላሳም 8 የሻይ ማንኪያ ያህል ስኳር አለበት። ዳቦ ቢሆንም የስንዴ ሆነ የጤፍ ዱቄቱ ወደ ስኳር ይለወጣል። ስለዚህ ሕመምተኛው እንጀራም ዳቦም የሚበላው በልክ ነው። የሚወጋው መድኃኒት በምግቡ ልክ የተመጠነ ነውና ምግቡ ሲጨምር ልኩ ይፋለሳል።

ሌላም ችግር አለ። እንግዳ ማር ይዞ ሲመጣ አልበላም ማለት ነውር ይመስላል። እንግዳው «በሞቴ! አፈር ስሆን!» እያለ ያጎርሳል። ሕመምተኛው አፍሮ ይጎርሳል። ሌሊቱን ሲጠማና ሲሸና ያድራል። ያመጣንለት ስጦታ ጎዳው ማለት ነው። ስለዚህ ወዳጃችንን እምቢ ለማለት የማያስጨንቀውን ስጦታ ብንመርጥለት ይሻላል።

መድኃኒቱን የሚጠብቅ ማሰሮ

ኢንሱሊን ሙቀት ይፈራል። ፀሐይ ላይ ወይም ምድጃ አጠገብ የተቀመጠ ኢንሱሊን ኃይሉን ያጣል። በረዶ ከሆነም ይበላሻል። ያልተከፈተው ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ በሚቀዘቅዝ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጣል። ብዙዎቹ የኢንሱሊን ዓይነቶች ከተከፈቱ በኋላ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ካልበለጠ 4 ሳምንት ያህል ያገለግላሉ። መብራት በሌለበት የገጠር ቤት፣ በተለይ በቆላ አገር፣ ቀን ቀን ሙቀቱ ከዚህ ያልፋል። ለወዳጃችን ችግሩ ይህ ነው። ለዚህ ችግር የሚሆን ስጦታ ከገበያ ይገኛል። እርሱም ሁለት ማሰሮ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አፋቸው ሰፋ ያለ አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ማሰሮ ይገዛል። ትንሹ ትልቁ ውስጥ ሲገባ ዙሪያውን ሦስት ጣት ያህል ክፍተት መቅረት አለበት። ሸክላ ሠሪዋ «ላሟሽልህ?» ብትል «አይሆንም» ማለት ያስፈልጋል። የተሟሸ ማሰሮ ቀዳዳው ስለሚደፈን ውኃ አያላብም። የማያላብ ማሰሮ ደግሞ አያቀዘቅዝም። የእንስራ ውኃ ቀዝቃዛ የሚሆነው እንስራው ስለሚያላብ እንደሆነ ሁላችን እናውቃለን። ላቡ በነፋስ ሲደርቅ ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። የሁለቱ ማሰሮ ብልኀትም ይኸው ነው።

በትልቁ ማሰሮ ሥር አሸዋ ይደረጋል። ትንሹ ማሰሮ በአሸዋው ላይ ይቀመጣል። በዙሪያው ያለው ክፍተት እስከ አፉ ድረስ በአሸዋ ይሞላል። ከዚያ አሸዋው እስኪርስ ድረስ ውኃ ይፈስበታል። የኢንሱሊኑ ብልቃጥ ውኃ እንዳይነካው ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ ተደርጎ ትንሹ ማሰሮ ውስጥ ይገባል። አፉ በእርጥብ ጨርቅ ወይም በእርጥብ የጆንያ ቁራጭ ይሸፈናል። ማሰሮው የሚቀመጠው ጥላ ባለበት፣ ነፋስ በሚያልፍበት፣ ከምድጃ በራቀ ቦታ ነው። ጠዋትና ማታ አሸዋው ላይ ውኃ ይጨመራል።

ሥራውን መሥራቱን በእጅ ማወቅ ይቻላል። የትልቁ ማሰሮ ግድግዳ እርጥብና ቀዝቃዛ ከሆነ ደኅና ነው። ደረቅና ሞቃት ከሆነ አሸዋው ውኃ አጥሯል ወይም ነፋስ አያገኝም ማለት ነው። በዝናብ ወራት አየሩ እርጥብ ስለሚሆን ላቡ ቶሎ አይደርቅም፤ ማቀዝቀዙም ይቀንሳል። ማሰሮው እንደ መብራት ማቀዝቀዣ አይበርድም። ስለዚህ የሚቀመጥበት የተከፈተውና በሥራ ላይ ያለው ብልቃጥ ብቻ ነው። የቀረው ጤና ጣቢያው ማቀዝቀዣ ውስጥ ቢቆይ ይሻላል።

መድኃኒቱ መበላሸቱ አንዳንድ ጊዜ በዓይን ይታያል። ጥርት ያለ መሆን የሚገባው ኢንሱሊን ቢደፈርስ፣ ወይም ከተፈጥሮው ነጭ የሆነው በእጅ መዳፍ ሲሽከረከር ባይዋሐድና ቢጓጉል መወጋት የለበትም። አንዳንዴ ግን ምንም ምልክት ሳያሳይ ኃይሉን ያጣል። ሰውየው መርፌውን በደንብ እየወጋ እንደገና ቶሎ ቶሎ ከጠማውና ከሸና መድኃኒቱን መጠርጠር ይገባል። ብልቃጡን ይዞ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

ትንሽ ስኳር ግን መድኃኒት ነው

«ስኳር በሽተኛ ስኳር አይንካ» ብለን ብናቆም ሌላ አደጋ ይመጣል። መርፌውን የተወጋ ሰው ምግቡን ካልበላ ወይም ከልኩ በላይ ከሠራ የደሙ ስኳር እጅግ ይወርዳል። ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ልቡ ይመታል፣ ይርበዋል፣ አንዳንዴም ይቀባጥራል። ያየው ሰው «ሰክሯል» ወይም «ቡዳ በላው» ይል ይሆናል። ጠላና አረቄ በባዶ ሆድ ሲጠጣም የደሙ ስኳር ይወርዳል።

ያን ጊዜ 3 ወይም 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ማጠጣት ያስፈልጋል። 15 ደቂቃ ጠብቆ ካልተሻለው ያንኑ ያህል መድገም ነው። ሲሻለው ምግብ ይብላ። ራሱን ከሳተ ግን ወደ ትንፋሹ ስለሚገባ በአፉ ምንም አይፈስበትም። በጎኑ አስተኝቶ ፈጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ነው። እንግዲህ በላስቲክ የተቋጠረ ትንሽ ስኳር፣ በኪሱ ይዞት እርሻ እንዲሄድ፣ ለእንዲህ ያለው ወዳጅ ቁም ነገር ያለው ስጦታ ነው።

በላይና ተሰማ

አሁን ነገሩን በምሳሌ እንየው። በላይ የሚባል ገበሬ አለ እንበል። ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ይወጋል። ጓደኛው ተሰማ ማር ቆርጧል፤ እንደ ልማዱም ለበላይ አንድ ቅል ሊወስድለት ያስባል።

ተሰማ በመጀመሪያ የበላይን ሚስት ገበያ ላይ አግኝቶ ይጠይቃታል። «እኅቴ፣ ሐኪሙ ለበላይ ምን አለው? የቸገራችሁስ ምንድን ነው?» ይላታል። እርሷም «ምግቡንስ ለምደነዋል፤ የቸገረን የመድኃኒቱ ማስቀመጫ ነው። ቤታችን ቆርቆሮ ስለሆነ ቀን ቀን ይጋላል» ትለዋለች። ተሰማ ማሩን ገበያ አውጥቶ ይሸጣል። በገንዘቡ ያልተሟሹ ሁለት ማሰሮ ይገዛል። አሸዋውን ከወንዝ ያወጣል። በላይ ቤት ሲደርስ ማሰሮውን አበጅቶ ያስቀምጥለታል።

«ማር እንዳላመጣልህ አውቀህ እንዳትቀየመኝ» ይላል ተሰማ። «ማሩ ይኸ ነው።»

በላይም ይስቃል። «ከማሩ ይህ ይሻለኛል። ማሩን ብታመጣው ኖሮ ወይ አንተን ላስቀይም፣ ወይ እኔ ልታመም ነበር» ይላል።

ተሰማ አንድ ሌላ ነገርም ያስተውላል። በላይ መርፌውን ከተወጋ በኋላ የእራቱ ሰዓት ማለፍ የለበትም። ስለዚህ በላይ ሊበላ ሲል በጨዋታ አያቆየውም። አብሮት ይቀርባል። በላይ «በቃኝ» ሲል «በሞቴ» አይለውም።

ማሰሮ መግዣ ያጣ ሰውም ስጦታ አያጣም። ከተማ ሲወርድ የወዳጁን ኢንሱሊን ከጤና ጣቢያ ተቀብሎ፣ በእርጥብ ጨርቅ በተጠቀለለ ዕቃ አድርጎ፣ ፀሐይ ሳያስመታ ሊያመጣለት ይችላል። የሚበላ ነገር መውሰድ የግድ ያሰኘው ደግሞ ዕንቁላል ወይም ጎመን ይውሰድ። እነዚህ የደሙን ስኳር እንደ ዳቦና እንደ ማር አያወጡትም። ሆኖም ሐኪሙ ሌላም የከለከለው ነገር ሊኖር ስለሚችል አስቀድሞ ቤተ ሰቡን መጠየቅ ነው።

ጥያቄዎች

1. ለስኳር በሽተኛ ማር ተስማሚ ስጦታ የማይሆነው ለምንድን ነው?
2. የተሟሸ ማሰሮ የማያቀዘቅዘው ለምንድን ነው?
3. ማሰሮው ሥራውን መሥራቱ በምን ይታወቃል?
4. መርፌ የተወጋ ሰው አልቦት ቢንቀጠቀጥ ምን ይደረግለታል? ራሱን ቢስትስ?
5. በቀበሌያችሁ ሐኪም ምግቡን በልክ እንዲበላ ያዘዘው ሰው አለ? ስትጠይቁት ምን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ?