ነጭ ሽንኩርቱን ወይስ ነጩን ሽንኩርት?

እናት ወጥ ቤት ሆና ልጇን «ነጭ ሽንኩርቱን ላጥልኝ» ብትለው፣ ልጁ የሚያነሣው ሽታው ጣት ላይ የሚከርመውን ነው። «ነጩን ሽንኩርት ላጥልኝ» ብትለው ግን ነገሩ ይለወጣል። አዲስ አበባ ቢሆን «የቱን ነጭ?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ዋሽንግተን ውስጥ ያደገ ልጅ ከሆነ ወዲያው ይገባዋል፤ እዚያ ሱፐርማርኬት ውስጥ ቀዩም ቢጫውም ነጩም ሽንኩርት ጎን ለጎን ተቆልሎ አይቷልና ነጭ ልጣጭ ያለውን ትልቁን ያነሣል። ሁለቱም ትእዛዞች የተሠሩት ከተመሳሳይ ቃላት ነው። የተለወጠው የቅጥያዎቹ ማረፊያ ብቻ ነው፤ በመጀመሪያው «ሽንኩርት» ላይ፣ በሁለተኛው «ነጭ» ላይ አርፈዋል።

አማርኛ ቅጽልና ስም ጎን ለጎን ሲያቆም፣ «ያ የምናውቀው» የሚለውን ቅጥያ የሚሸከመው ቅጽሉ ነው። ትልቁ ቤት፣ አሮጌው መኪና፣ ቀይዋ ላም እንላለን። «ትልቅ ቤቱ ተሸጠ» የሚል ሰው ቢመጣ አማርኛ ገና እየተማረ ነው እንላለን። ታዲያ «ነጭ ሽንኩርቱ» ላይ ቅጥያው ቅጽሉን ዘልሎ ስሙ ላይ የወደቀው ለምንድን ነው? መልሱ «ነጭ» እዚያ ውስጥ ቅጽል መሆኑ ቀርቷል የሚል ነው። ሁለቱ ቃላት ተጋግረው አንድ ስም ሆነዋል፤ ቅጥያውም እንደማንኛውም ስም ጫፉ ላይ ይለጠፋል። የሰዋስው ሰዎች እንዲህ የተጋገረውን ጥምር ቃል፣ ያልተጋገረውን ደግሞ ሐረግ ይሉታል።

ከዚህ የተነሣ አንድ ጥንድ ቃል ጥምር ይሁን ሐረግ ለማወቅ ጆሮ የሚያምናቸው ፈተናዎች አሉ። መሐሉን ክፈቱት። «ነጭ ትልልቅ ሽንኩርት» ካላችሁ ስለ ነጭ ሽንኩርት ማውራት ቀርቷል፤ ትልልቅ የሆነውን ነጭ ሽንኩርት የሚፈልግ ሰው «ትልልቅ ነጭ ሽንኩርት» ይላል፣ ገላጩን ከውጭ ያስቀምጣል እንጂ ስፌቱን አይተረትርም። «በጣም ነጭ ሽንኩርት» ብትሉም እንደዚያው፤ ዓረፍተ ነገሩ ስለ ቀለም ይሆናል። ቅጽሉን አብዝታችሁ «ነጫጭ ሽንኩርቶች» ብትሉ ደግሞ ተመልሳችሁ የዋሽንግተኑ መደርደሪያ ላይ ናችሁ።

እኔ ከሁሉ የምወደው የመቃረን ፈተናን ነው። ብዙ ትምህርት ቤቶች ውስጥ የሚጻፍበት ሰሌዳ አረንጓዴ ነው። «ጥቁር ሰሌዳው አረንጓዴ ነው» ብል ማንም አይስቅብኝም። «ጥቁሩ ሰሌዳ አረንጓዴ ነው» ብል ግን ዓይኔን እንድመረመር እመከራለሁ። በመጀመሪያው ውስጥ «ጥቁር» የዕቃው ስም አካል ሆኗልና ለቀለም ዋስ አይሆንም።

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ለዚህ ሥራ ድምፅን መጠቀም ይችላሉ። ለምሳሌ «ብላክበርድ» የተባለችውን የወፍ ዓይነት ሲጠሩ የመጀመሪያውን ክፍል ጫን ይሉታል፤ ማንኛዋንም ጥቁር ወፍ ሲሉ ግን ጫናው ወደ ሁለተኛው ይሄዳል። አማርኛ ቃላትን እንዲህ በጫና አይለያይም፤ ስለዚህ ያ በር ለእኛ ዝግ ነው። አጻጻፍም አይረዳንም። «ቤተሰብ» ተያይዞ ይጻፋል፣ «ቤተ መንግሥት» ብዙ ጊዜ ተለያይቶ፣ «ቤተ ክርስቲያን» ደግሞ እንደ ጸሐፊው ፈቃድ አንዴ እንዲህ አንዴ እንዲያ። ባዶ ቦታው የሚነግረን የጸሐፊውን ልማድ ነው።

ጥምር መሆኑ ከታወቀ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ፣ ከሁለቱ ጌታው ማን ነው የሚለው ነው። ባሕር ዛፍ የዛፍ ዓይነት ነው እንጂ የባሕር ዓይነት አይደለም። ምግብ ቤት ቤት ነው፤ እግር ኳስ የኳስ ጨዋታ ነው። ነገሩ በምን ወገን እንደሚመደብ የሚወስነው ቃል የጥምሩ መሪ ይባላል። አማርኛ በራሱ ደንብ ሲያጣምር መሪውን ከኋላ ያስቀምጣል፤ ባሕር፣ ምግብ፣ እግር ቀድመው የሚቆሙ ገላጮች ናቸው።

ይሁን እንጂ ከግዕዝ የወረስነው ሌላ ስልት አለ፣ እሱም መሪውን ከፊት ያቆማል። የመሪው መጨረሻ ሳድስ ፊደል ወደ ግዕዝ ይለወጥና ቤት «ቤተ»፣ አፍ «አፈ»፣ እጅ «እጀ» ይሆናል። በዚህም የተነሣ አንድ ከተማ ውስጥ ትምህርት ቤትና ቤተ መጻሕፍት ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ ሁለቱም ቤቶች ናቸው፤ አንዱ መሪውን በስተኋላ ሌላው በስተፊት ይዟል። ከሁለት ቤት የተወለዱ ልጆች አንድ ግቢ እንዳደጉ ማለት ነው።

መሪው ከፊትም ይሁን ከኋላ፣ ቅጥያው ግን ጫፉን አይለቅም። ቤተ መንግሥቱ ሲባል የታወቀው መንግሥቱ ሳይሆን ቤቱ ነው። አፈ ጉባኤዎች ሲባል የበዙት ጉባኤዎቹ ሳይሆኑ ሰብሳቢዎቹ ናቸው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳትና ቅጥያ የተሸከመውን ቃል መሪ አድርጎ ይወስዳል። ቅጥያው የሚያሳየን የቃሉ ድንበር የት እንደሆነ ነው። መሪውን ለማግኘት «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ጥያቄው አንዳንዴ መልስ ያጣል። «ሆደ ሰፊ» ምንድን ነው? ሆድ አይደለም። ስፋትም አይደለም። ነገር የሚችል፣ ቶሎ የማይቆጣ ሰው ነው፤ «ሰው» የሚል ቃል ደግሞ ጥምሩ ውስጥ የለም። መሪው ከቃሉ ውጭ ቆሟል። እንደ ባሕር ዛፍ መሪያቸውን በውስጣቸው የያዙት ኢንዶሴንትሪክ፣ እንደ ሆደ ሰፊ መሪያቸው ከውጭ የሆነው ኤክሶሴንትሪክ ይባላሉ። አሜሪካዊው ሊዮናርድ ብሉምፊልድ በ1933 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባሳተመው መጽሐፉ በእነዚህ ቃላት ተጠቅሟል። የሳንስክሪት ሰዋስው ሊቃውንት ግን ልዩነቱን ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ያውቁት ነበር፤ መሪ አልባውን ዓይነት የሰየሙትም በራሱ ምሳሌ ነው፦ ባሁቭሪሂ፣ ቃል በቃል «ብዙ ሩዝ»፣ ትርጉሙ ግን ብዙ ሩዝ ያለው ሰው። እኛ ብንሆን ሆደ ሰፊ ብለን እንሰይመው ነበር።

አማርኛ በዚህ ረገድ ሀብታም ነው፤ በተለይ የሰውነት ክፍል ካገኘ አይለቅም። ልበ ሙሉ፣ ዓይነ ደረቅ፣ ራሰ በራ፣ አፈ ጮሌ። ምላሱ ለስላሳ ሆዱ ተንኮለኛ የሆነውን ሰው አፈ ቅቤ ሆደ ጩቤ ስንለው ሁለቱንም ከስምና ስም ብቻ ሠርተናቸዋል። ሁልጊዜ ስለ ሰው ብቻም አይደለም፤ እጀ ጠባብ እጅ ሳይሆን ልብስ ነው።

የእነዚህን ግንባታ ልብ በሉ። የአማርኛ ቅጽል ከስሙ ይቀድማል፤ «ሰፊ ሆድ» ሐረግ ነው፣ የሆድ ዓይነት ነው። ተገልብጦ «ሆደ ሰፊ» ሲሆን ሆዱ ከነቅጽሉ ወደ ሰው ተላለፈ። ማስረጃው በጾታና በቁጥር ይታያል። «ሆደ ሰፊዋ መጣች» ስንል አንስታይ የሆነችው ሴትዮዋ ናት። ከዚህም የጠራው «ዓይነ ስውራን» ነው፤ የግዕዙ የብዙ ቁጥር ምልክት ሰዎቹን ያበዛል፣ ዓይን ግን በነጠላ እንደቆመ ይቀራል።

ግሥ ያለባቸውም አሉ። ልብ ወለድ ልብም ልደትም አይደለም፤ ልብ የወለደው ታሪክ ነው። ሰማይ ጠቀስ ሰማይን የሚነካ ሕንፃ፣ ሀገር በቀል ሀገር ውስጥ የበቀለ ነገር። «ጠቀሰ» የሚለው ግሥ የመጨረሻ አናባቢውን አራግፎ ስም ሆኖ ይቆምና፣ ይባስ ብሎ «ሰማይ ጠቀሶች» ተብሎ እንደ ስም ይበዛል።

ድንበር ላይ የቆሙም አይጠፉም። አፈ ጉባኤ ሰው ነው፤ ታዲያ መሪ የለውም እንበል? ወይስ «አፍ» በዘይቤ «ስለ ሌላው የሚናገር» ማለት ሆኖ መሪነቱን ይዟል? ሊቃውንቱ በእንዲህ ዓይነቱ ላይ አይስማሙም። እኔ ወደ ሁለተኛው አዘነብላለሁ፤ አፈ ጉባኤው በእርግጥም የጉባኤው አፍ ሆኖ ያገለግላል፣ ሆደ ሰፊው ሰው ግን የምንም ሆድ አይደለም። ቤተ እስራኤልም እንዲሁ ነው፤ ሕዝብ ነው እንጂ ሕንፃ አይደለም፣ ሆኖም «ቤት» በአማርኛ ወገንና ዘር ማለትም ስለሆነ መሪው ከውስጥ ነው ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ሽንኩርቱ ልመለስ፤ አንድ ያልተናገርኩት ጉድለት አለና። ገበያ የሚሄድ ሰው «ቀይና ነጭ ሽንኩርት ግዛ» ይባላል፣ ማንም አይደናገርም። ስፌቱ አይተረተርም ብዬ ነበር፤ እዚህ ግን አንዱ «ሽንኩርት» ለሁለት ገላጮች አገለገለ፣ እንደ ሐረግ። «ምግብና መጠጥ ቤት»ም እንደዚያው ነው። በአንጻሩ «ቤተ መንግሥትና ክርስቲያን» ብሎ ሁለቱን ለመጥራት የሚሞክር የለም፤ «ሆደ ሰፊና ጠባብ»ም አይባልም። ከዚህ የምረዳው መጋገሩ ደረጃ እንዳለው ነው። በአማርኛ ደንብ የተጣመረው ላላ ይላል፤ በግዕዙ ስልት የታሰረው ጠበቅ ይላል። አንድ ፈተና ብቻውን ስለማይፈርድም ሦስት አራቱን አብሮ መሞከር ይሻላል።

የግዕዙም ቢሆን አንድ ስንጥቅ አለበት። የተማረ ሰው «አብያተ ክርስቲያናት» ሲል ብዙነቱ መሐል ገብቶ መሪውን ራሱን ይለውጠዋል፤ ይህ የግዕዝ ሕግ ነው። በአማርኛ ሕግ የሚሄደው «ቤተ ክርስቲያኖች» ይልና ጫፉ ላይ ብቻ ይለጥፋል። ለመጀመሪያው ተናጋሪ ጥምሩ አሁንም ሁለት ክፍል ነው፣ ለሁለተኛው አንድ ድፍን ቃል።

እዚህ ላይ ለአንድ የተናቀ ቃል ጥብቅና መቆም እፈልጋለሁ። «መጻሕፍቶች» የሚል ሰው ይወቀሳል፣ መወቀሱም ትክክል ነው፤ መጻሕፍት አስቀድሞ የመጽሐፍ ብዙ ነው፣ ብዙውን ማብዛት ትርፍ ነው። ተቺዎቹ ግን በዚያው ጉልበት «ቤተ መጻሕፍቶች» የሚለውንም ይሰርዛሉ። ቅጥያው የሚያርፈው በጥምሩ ጫፍ ላይ እንደሆነ፣ የሚያበዛውም መሪውን እንደሆነ አይተናል። «‑ኦች» እዚያ የመጣችው መጻሕፍቱን ልትቆጥር አይደለም። የቆጠረችው ቤቶቹን ነው፤ ቤቶቹ ደግሞ ከዚያ በፊት አንድ ጊዜም አልበዙም ነበር።